ለትምህርት ቤት ክበብ የትኛው ቻሌንጅ ይሻላል? ሦስት ሐሳቦች ሲነጻጸሩ

ጅማ ውስጥ አንድ የሚኒ ሚዲያ ወይም የሳይንስ ክበብ «ቻሌንጅ ቪዲዮ እንሥራ» ብሎ ሲሰበሰብ ክርክሩ ወዲያው «የትኛውን ብዙ ሰው ያየዋል?» ወደሚለው ይሄዳል። እኔ ከክበብ ልጆች ጋር ስቀመጥ አስቀድሜ የማነሣው ጥያቄ ሌላ ነው። አሥረኛው ተሳታፊ የመጀመሪያውን ለመብለጥ ምን ያደርጋል?

የመጀመሪያው ቪዲዮ የሚቀረጸው መምህሩ ባለበት፣ ጓደኞች ከበው እያዩ ነው። አሥረኛው ግን ማታ ከቤት ጓሮ፣ ማንም በሌለበት ሊቀረጽ ይችላል። ያ ልጅ የሚያውቀው ሕግ ቪዲዮው ላይ ያየውን ብቻ ነው። ስለዚህ ቻሌንጁ የሚቆጥረው ነገር የአደጋውን መጠን ይወስናል። ፍጥነት ከቆጠራችሁ ፍጥነቱ ይጨምራል፤ ብዛት ከቆጠራችሁ ብዛቱ ይጨምራል፤ ቁመት ከቆጠራችሁ አንዱ ጣሪያ ላይ ይወጣል። በ2018 በፈረንጆች አቆጣጠር ከሚሄድ መኪና ወርዶ ጎን ለጎን የመጨፈር ቻሌንጅ ዓለምን ሲያዳርስ አነሳሱ አንድ ሰው መንገድ ላይ የጨፈረው ቀላል ጭፈራ ነበር። መኪናው የመጣው በኋላ፣ በተከታዮቹ ነው። ዩቲዩብ በጥር 2019 አደገኛ ቻሌንጆችን የሚከለክለውን ደንቡን ግልጽ አድርጎ ለመጻፍ የተገደደውም እንዲህ ያሉ ነገሮች ስለበዙ ነው።

በዚህ ጥያቄ ሲመዘን የመብላትና የመጠጣት ቻሌንጅ ሁሉ ገና ከበሩ ይወድቃል። አንድ ማንኪያ የቀረፋ ዱቄት ያለ ውሃ መዋጥ ቀላል ይመስላል፤ ዱቄቱ ግን ወደ ሳንባ ይገባል። በፍጥነት ዳቦ መብላትም ያንቃል። በዚያ ላይ ጅማ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አብሮ የሚማርባት ከተማ ናት። ረመዳን ወይም ዐቢይ ጾም ሲገባ ምግብ ላይ የቆመ ቻሌንጅ የክፍሉን ግማሽ ያስቀራል። ስለዚህ ከዚህ በታች የማነጻጽረው የክበብ ልጆች ደጋግመው የሚያመጧቸውን፣ በቁም ነገር ሊታሰብባቸው የሚችሉ ሦስት ሐሳቦች ነው።

አንደኛ፦ ፕላንክ

በክርንና በጣት ጫፍ ተደግፎ ሰውነትን ቀጥ አድርጎ መቆየት ነው። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ ዕቃ አይፈልግም፣ ሕጉ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልቃል፣ ዳኛው ሰዓት ነው። የስፖርት ክበብ ይህን ቢመርጥ አይገርመኝም።

ችግሩ ሰዓት ጣሪያ የሌለው መሆኑ ነው። አንዱ አንድ ደቂቃ ከቆየ ሌላው ሁለት ይላል፣ ሦስተኛው ትንፋሹን ይዞ እየተንቀጠቀጠ ሦስት ለመሙላት ይታገላል። ወገቡ ወደ መሬት ሲጎብጥ ሸክሙ ከሆድ ጡንቻ ወደ ታችኛው የጀርባ አጥንት ይሸጋገራል፤ ልጁ ግን ሰዓቱ ስለሚቆጥርለት አያቆምም። ክበቡ ይህን ዐውቆ «ሁሉም 30 ሰከንድ ብቻ» ብሎ ጣሪያ ቢያደርግበት ደግሞ ፉክክሩ ሌላ መውጫ ይፈልጋል። ጀርባ ላይ ቦርሳ ይጫናል፣ ቀጥሎ ታናሽ ወንድም ይቀመጥበታል። ስለዚህ ጣሪያው ብቻውን አይበቃም። «ጀርባ ላይ ምንም ነገር አይቀመጥም፣ ቪዲዮው ከጎን ይቀረጻል፣ ወገብ ሲጎብጥ ዳኛው ያቆማል» የሚል መጨመር አለበት።

ከጉዳቱ ባሻገር ማን ይቀራል የሚለውንም ማየት ያስፈልጋል። አስም ያለበት ልጅ፣ እጁ የተጎዳ ልጅ፣ የአካል ጉዳት ያለበት ተማሪ ይቀራሉ። በጉርድ ዩኒፎርም መሬት ላይ ተኝታ መቀረጽ የማትፈልግ ተማሪም ትቀራለች፤ ይህን ደግሞ አብዛኛዎቹ ሴት ተማሪዎች ጮክ ብለው አይናገሩትም፣ ዝም ብለው ነው የሚሸሹት። ዝርዝሩ ላይ ወንዶች ብቻ ተመዝግበው ካያችሁ ምክንያቱን እዚያ ፈልጉ።

ሁለተኛ፦ ጥጉን አጽዳ

አንድ የቆሸሸ ጥግ ከመጽዳቱ በፊትና ከጸዳ በኋላ አንድ ቦታ ቆሞ መቅረጽ ነው። በመጋቢት 2019 በፈረንጆች አቆጣጠር በዓለም ዙሪያ የተሰራጨው የ«በፊትና በኋላ» የቆሻሻ ቻሌንጅ ይኸው ነበር። ለአካባቢ ጥበቃ ክበብ ልክ ነው፤ በቪዲዮም ያምራል፣ ውጤቱ ዓይን ውስጥ ይገባል። እኔም ሐሳቡን እወደዋለሁ።

ግን አሥረኛው ተሳታፊ ምን ያደርጋል? የበለጠ የቆሸሸ ቦታ ይፈልጋል። ጅማ ውስጥ ያ ቦታ ብዙ ጊዜ የአዌቱ ወንዝ ዳር ወይም የአስፋልት ዳር ቦይ ነው። ዝናብ ሲበዛ የወንዙ ዳር ያንሸራትታል፣ ቦዩ ውስጥ የሚወርደው ውሃ ደግሞ ከላይ ሲያዩት ጥልቀቱን አይናገርም። ከቆሻሻው ውስጥ የተሰበረ ጠርሙስ፣ ምላጭና ያገለገለ መርፌ ሊወጣ ይችላል። በዛገ ብረት መወጋት መንጋጋ ቆልፍ ሊያመጣ ይችላል፣ በመርፌ መወጋት ደግሞ ከዚያ የባሰ መዘዝ ስላለው ያኔውኑ ሐኪም ቤት የሚያስኬድ ነገር ነው።

ስለዚህ ይህን የመረጠ ክበብ ቦታውን በግቢ አጥር ውስጥ መገደብ አለበት፤ ያለዚያ ባይጀምረው እመርጣለሁ። ወፍራም የላስቲክ ጓንት፣ ጣቱ የተሸፈነ ጫማ፣ ረጅም እጀታ ያለው መጥረጊያና አካፋ ግዴታ ናቸው። እጅ ወደ ቁጥቋጦ ውስጥ አይገባም። መርፌ ከታየ ማንም አይነካውም፤ ቦታው ላይ አንድ ልጅ ይቆማል፣ ሌላው መምህር ይጠራል። የተሰበሰበውን ማቃጠልም ክልክል ይሁን፤ የፌስታል ጭስ ለሚቀርጸውም ለጎረቤትም መርዝ ነው።

እዚህ ላይ የማጭበርበር ነገርም አለ። አንዳንዱ ንጹሕ ቦታ ላይ ወረቀት በትኖ «በፊት» ብሎ ይቀርጻል። መለየት ከባድ አይደለም፤ ማታ ዝናብ ዘንቦ መሬቱ እርጥብ ሆኖ ሳለ ወረቀቱ ደረቅና ነጭ ከሆነ፣ ፌስታሉ ላይ ጭቃ ከሌለ፣ ቆሻሻው ያደረ ሳይሆን የተበተነ ነው። ሌላው ደግሞ የጠረገውን ከአጥር ውጭ ይደፋዋል። ስለዚህ ቪዲዮው ሦስት ነገር ማሳየት አለበት፦ በፊት፣ በኋላ፣ ቆሻሻው በመጨረሻ የገባበትን ገንዳ።

ሦስተኛ፦ ሳትጠራው አስረዳ

ተሳታፊው ከቤት ወይም ከክፍል አንድ ዕቃ ያሳያል። ዕቃው ለምን እንደዚያ እንደሚሠራ በ60 ሰከንድ ውስጥ ያስረዳል፤ ነገር ግን ለዚያ ዕቃ ክበቡ የከለከላቸውን ሦስት ቃላት መጥራት አይችልም። ቃሉ ካመለጠው ዙሩ ያበቃል።

አሥረኛው ተሳታፊ የመጀመሪያውን ለመብለጥ የሚያደርገው ነገር የተሻለ ማሰብ ነው። ሰዓቱ 60 ሰከንድ ላይ ተዘግቷል፣ ቃላቱ ሦስት ናቸው፣ የሚጨመር ሸክም የለም። ፊቱን ማሳየት የማይፈልግ ልጅ እጁንና ዕቃውን ብቻ ቀርጾ በድምፅ ይሳተፋል። በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድም፣ የሚጾምም፣ ጉርድ የለበሰችም እኩል ገበታ ላይ ይቀርባሉ።

ድክመቱን ልደብቅ አልፈልግም። ሲታይ እንደ ጽዳቱ ዓይን አይስብም፤ የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰከንዶች ደካማ ከሆኑ ተመልካች ያልፈዋል። ሕይወቱ ድምፅ ላይ ስለሆነ በቆርቆሮ ክዳን ክፍል ውስጥ ዝናብ ሲጀምር ቀረጻው ሁሉ ይበላሻል። ጅማ ውስጥ ብዙ ጊዜ ዝናቡ ከሰዓት በኋላ ስለሚበረታ ቀረጻውን ጠዋት አድርጉት፤ ስልኩንም ከተናጋሪው አንድ ክንድ ርቀት ላይ አቁሙት። ዓይናፋር ልጅም መጀመሪያ ላይ ይፈራል፤ ለእሱ የድምፅ ብቻ ምርጫው መኖሩን በሕጉ ውስጥ ከላይ ጻፉት።

እንግዲህ የትኛው?

መምህር አብሮ የሚቆምበት፣ በአንድ ቀን በግቢ ውስጥ ተጀምሮ የሚያልቅ ዝግጅት ከሆነ ጽዳቱን ምረጡ። የስፖርት መምህሩ እየዳኘ በአንድ ክፍለ ጊዜ የሚያልቅ ከሆነ ፕላንኩም ይሆናል፤ ግን ወደ ቤት አይሂድ። ተማሪው ቤቱ ሆኖ የሚቀርጸው፣ ሳምንት ወይም ሁለት ሳምንት የሚቆይ፣ ከሌላ ትምህርት ቤትም ሰው ሊቀላቀልበት የሚችል ቻሌንጅ ከፈለጋችሁ ሦስተኛውን ያለ ማመንታት ምረጡ። ልዩነቱን የሚያመጣው ማን አጠገቡ አለ የሚለው ነው። ያለ ተቆጣጣሪ የሚሠራ ቻሌንጅ፣ ሕጉ ቢጣስ እንኳ የሚደርሰው ጉዳት ከማፈር ያለፈ መሆን የለበትም።

በርጩማው ላይ ሲሞከር

የጅማ በርጩማ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚሠራ ባለ ሦስት እግር መቀመጫ ነው፤ ለመጀመሪያ ዙር ከዚህ የተሻለ ዕቃ አላውቅም። ጥያቄው «ወጣ ገባ ወለል ላይ ለምን አይወዛወዝም?» ይሁን። የተከለከሉት ቃላት «ሦስት»፣ «እግር» እና «ሚዛን»።

ትክክለኛው መልስ ይህ ነው። ሦስት ነጥቦች ሁልጊዜ አንድ ጠፍጣፋ ገጽ ላይ ይውላሉ፤ ወለሉ ከፍ ዝቅ ቢልም ሦስቱም እግሮች መሬት ይነካሉ። አራት እግር ያለው ወንበር ግን አራተኛው ነጥብ ከሦስቱ ገጽ ላይ ካልዋለ አንዱ ጥግ አየር ላይ ይቀራል፣ ስለዚህም ይወዛወዛል። አንድ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ በተከለከሉት ቃላት መካከል ሾልኮ እንዲህ ሊል ይችላል፦ «የአያቴ ቤት ወለል አንዱ ጋ ከፍ፣ አንዱ ጋ ዝቅ ይላል። የክፍላችንን ወንበር እዚያ ባስቀምጠው አንዱ ጥጉ ይንጠለጠላል። ይሄ ግን መሬት የሚነካበት ቦታ ከዚያ ወንበር በአንድ ያንሳል። ስለዚህ የሚንጠለጠል ትርፍ የለውም፤ ሁሉም ይነካሉ።»

ዳኞች እዚህ ላይ መነጋገር አለባቸው። «በአንድ ያንሳል» ማለት ይፈቀዳል? አዎ፣ ጨዋታው እሱ ነው። «ሦስተኛው» ወይም «እግሮቹ» ቢልስ? አይፈቀድም፤ ከቃሉ የወጣ ሁሉ እንደ ቃሉ ይቆጠራል። በአፋን ኦሮሞ «ሰዲ» ወይም «ሚላ» ብሎ ቢያመልጥስ? ጅማ ላይ ይህ በመጀመሪያው ቀን የሚመጣ ጥያቄ ስለሆነ ክልከላው በሁለቱም ቋንቋ እንደሚሠራ አስቀድሞ ይጻፍ፤ ተሳታፊው ግን በፈለገው ቋንቋ ያስረዳ።

የይዘት ስሕተትም ይመጣል። ብዙ ልጅ «ስለማይወዛወዝ አይወድቅም» ይላል። ይህ ልክ አይደለም። ባለ ሦስት እግር መቀመጫ በሁለት እግሮች መካከል ባለው ጎን ላይ ከተደገፉበት እንዲያውም ከአራት እግሩ ይልቅ ቶሎ ይገለበጣል። የፊዚክስ መምህሩ ከዳኞቹ አንዱ መሆን ያለበትም ለዚህ ነው። «አይወድቅም» ብሎ ያመነ ልጅ ደግሞ ጥንካሬውን ለማሳየት በርጩማው ላይ ሊቆም ይችላል። እንግዲህ በጣም ሰላማዊ በሚመስለው ቻሌንጅ ውስጥም አንድ የመውደቂያ ቀዳዳ ተገኘ ማለት ነው። የሚዘጋው በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ ዕቃው ላይ ማንም አይቆምም፣ አይወጣም። ቀጣዩ ዕቃ ጀበና ወይም የቡና መቁያ ከሆነ ደግሞ እሳት ሳይለኮስ፣ ዕቃው ቀዝቅዞ እያለ ብቻ ይቀረጻል።

ከማወጃችሁ በፊት አራት አምስት ልጆች ሕጉን አንብበው፣ ማንም ሳያብራራላቸው፣ እንዲቀርጹ አድርጉ። ሁለት ልጆች አንድን ሕግ በተለያየ መንገድ ከተረዱት ጥፋቱ የሕጉ ነው፤ ዓረፍተ ነገሩን ቀይሩት።

ሕጉ ሲጻፍ

ጥሩ ሕግ ቪዲዮውን ብቻ አይቶ መፍረድ የሚያስችል ነው። «በጥንቃቄ ተሳተፉ» የሚለው ሕግ አይደለም፤ ዳኛው ጥንቃቄን በምን ይለካል? እኔ እንዲህ እጽፈዋለሁ፦

«ቪዲዮው ከ60 ሰከንድ አይበልጥም፤ ሳይቆረጥ በአንድ ጊዜ ይቀረጻል። የተከለከሉት ሦስት ቃላትና ከእነሱ የወጡ ቃላት በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም አይጠሩም። ዕቃው ላይ አይቆምም፤ እሳት፣ ስለት፣ ኤሌክትሪክ መስመርና የፈላ ነገር በቪዲዮው ውስጥ አይታይም። መንገድ ላይ፣ ወንዝ ዳር፣ ጣሪያ ወይም ዛፍ ላይ አይቀረጽም። ፊትን ማሳየት ግዴታ አይደለም። ፈቃድ ያልሰጠ ሰው በቪዲዮው ውስጥ አይታይም፣ ድምፁም አይሰማም። ከእነዚህ አንዱን የጣሰ ቪዲዮ ምንም ያህል ቢያምር አይለጠፍም፤ ተሳታፊው አንድ ጊዜ እንደገና መቅረጽ ይችላል።»

ነጥቡ ከአሥር ይሁን፤ አምስቱ ለትክክለኛነት፣ አምስቱ ለግልጽነት። ላይክ አይቆጠር። ላይክ ከተቆጠረ በበሩ ያስወጣችሁት ብዛት በመስኮት ይመለሳል፤ ከዚያም ብዙ ዘመድና ብዙ ዳታ ያለው ያሸንፋል። ስልክ የሌለው ልጅም እንዳይቀር ክበቡ በሳምንት አንድ ጠዋት በመምህሩ ስልክ ይቅረጽለት።

አንድ ነገር ደግሞ እንዳታስገቡ እመክራለሁ፤ «እኔ ሦስት ጓደኞቼን ጠርቻለሁ» የሚለውን ሰንሰለት። በ2014 በፈረንጆች አቆጣጠር ዓለም ሁሉ የሠራው የበረዶ ውሃ ቻሌንጅ በዚህ መንገድ ነበር የተስፋፋው፤ የተጠራው ሰው 24 ሰዓት ይሰጠው ነበር። ለማስፋፋት ኃይለኛ ነው። ለአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ግን በስሙ ተጠርቶ እንቢ ማለት ከባድ ነው፤ ያልፈለገው ነገር ውስጥ የሚገባውም ያኔ ነው። በሰው ፋንታ ክፍል ይጠራ፦ «ቀጥሎ የ9ኛ ሐ ተራ ነው» በሉ። ከክፍሉ የፈለገ ይወጣል፣ ያልፈለገ በስሙ አይነሣም።

ፈቃድና መለጠፍ

ቲክቶክ ከ13 ዓመት በታች ያለ ልጅ አካውንት እንዲከፍት አይፈቅድም፤ ከ13 እስከ 15 ያሉትን አካውንት ደግሞ ከመነሻው ዝግ ያደርገዋል፣ ቀጥታ መልእክትም አይሰጣቸውም። ስለዚህ ተማሪው በራሱ አካውንት ይለጥፍ የሚል ቻሌንጅ የክበቡን ታናናሾች ወይ ያስቀራቸዋል ወይ ዕድሜያቸውን ዋሽተው እንዲከፍቱ ይገፋቸዋል። መፍትሔው ቪዲዮው በቴሌግራም ለክበቡ ተጠሪ መምህር ተልኮ፣ ተመርምሮ፣ በክበቡ አንድ አካውንት ብቻ መለጠፉ ነው። የይለፍ ቃሉ መምህሩና ርዕሰ መምህሩ ጋ ይሁን። ኮሜንት መዝጋት ካልተፈለገ ቢያንስ በየቀኑ የሚያየው ሰው ይመደብ።

የወላጅ ፈቃድ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ፣ በአንድ ገጽ ይጻፍ። ቪዲዮው የት እንደሚለጠፍ፣ ስንት ጊዜ እንደሚቆይ፣ ወላጅ ወይም ልጁ ራሱ በማንኛውም ቀን «አውርዱልኝ» ቢል ምክንያት ሳይጠየቅ እንደሚወርድ ይናገር። ወላጅ ፈርሞ ልጁ ካልፈለገ አይቀረጽም፤ ልጁ ፈልጎ ወላጅ ካልፈረመም እንደዚያው።

ከመለጠፉ በፊት መርማሪው ድምፁን አጥፍቶ አንድ ጊዜ፣ ምስሉን ሸፍኖ አንድ ጊዜ ይመልከት። ድምፅ ሲጠፋ ዓይን ከጀርባ ያለውን ያያል፤ ዩኒፎርሙ ላይ ያለውን የትምህርት ቤት ስም፣ የቤት በርን፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የቤተሰብ ፎቶን፣ በመስኮት የሚታየውን የባጃጅ ታርጋ። ምስል ሲሸፈን ጆሮ የታናሽ እኅት ስም ሲጠራ፣ ጎረቤት ስልክ ቁጥር ሲናገር፣ ቴሌቪዥን ላይ ዘፈን ሲዘፈን ይሰማል። ዘፈን ከገባ ባለቤት ስላለው ቪዲዮው ሊነሣ ወይም ድምፁ ሊጠፋ ይችላል፤ እንደገና መቅረጽ ይቀላል። የተላኩት ሁሉ እስኪመረመሩ ድረስ አንድም እንዳይለጠፍ፤ በየጊዜው እየተለጠፈ ከሄደ የሁለተኛው ቀን ተሳታፊ የመጀመሪያውን ቀን መልስ ቃል በቃል ይዞ ይመጣል። ዓርብ ዕለት ከሰዓት ተመርምሮ፣ ሰኞ ጠዋት ከሰልፍ በኋላ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይለጠፍ፣ የቀጣዩ ዙር ዕቃና ሦስት ቃላትም ያኔ ይነገር።